አምስት ሆነን የቤቱን ሥራና ምግቡን በሰባት ቀን እንዴት እንካፈለው?

የምንኖረው ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተከራይተን ነው። አምስት ነን። እኔ የቤቱ ታላቅ ነኝ፤ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፣ ሰኞና ሐሙስ ሌሊት ተረኛ ነኝ። ወንድሜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፣ ትንሿ እህቴ አሥረኛ ክፍል ናት። ሁለቱ ደግሞ የአክስቴ ልጆች ናቸው፤ ወንዱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ሰርቪስ ይይዝና ማታ 1 ሰዓት ይመለሳል። ሴቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ከሰዓት ቤት ትውላለች። እኛ ሦስታችን ክርስቲያን ነን፣ የአክስቴ ልጆች ሙስሊም ናቸው። ለወሎ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ የማነሳው ስለ ድስቱ ስል ነው።

ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ፕሮግራም እንዲህ ነው። አምስት ሥራ አለ፦ ወጥ፣ እንጀራ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ቤት መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት። በየቀኑ ሁላችንም አንድ ቦታ እንገፋለን፤ ዛሬ ወጥ የሠራ ነገ እንጀራ፣ ከነገ ወዲያ ዕቃ እያለ ይዞራል። በሰባት ቀን ለእያንዳንዱ ሰባት ተራ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ በወረቀት ላይ እኩል ነው። በቤቱ ውስጥ ግን እኩል አልሆነም። ሁለት ሰው ተጎዳሁ ይላል፣ እንጀራው ደግሞ አንድ ሳምንት ኮምጥጦ ሌላ ሳምንት ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። ማንም አልሰነፈም፣ ሁሉም ተራውን ይወጣል። እንግዲያው ጥፋቱ ፕሮግራሙ ላይ ነው ብዬ በኢንተርኔት ውይይት ላይ ጠየቅሁ። የመጡትን መልሶች ለቤቴ ሰዎች እንዲመች በተራ ቁጥራቸው፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

1ኛ መልስ። ከወልድያ የጻፈ ሰው ሥራውን በቀን መከፋፈሉን ትተን ለአንድ ሰው አንድ ሥራ ለሙሉ ሳምንት እንድንሰጥ መከረ። በጨዋ አነጋገር ነበር፣ ምክንያቱን ግን አልጨመረም።

2ኛ መልስ። አንዲት እህት ጥያቄው ሠራተኛ ስለመቅጠር መስሏት በደሴ አሁን የሚጠየቀውን ደመወዝና ታማኝ ሰው የማግኘቱን ችግር በሰፊው ጻፈች። በቅንነት ስለሆነ ቅር አላለኝም፤ ለመቅጠር አቅሙ እንደሌለን ግን መለስኩላት።

3ኛ መልስ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ ያለ ሰው መቁጠሩን ራሱ ተቃወመ። ሰባት ቀን ለአምስት ሰው እኩል አይከፈልም፤ በየሳምንቱ ሁለት ሰው ወጥ ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ የቀሩት አንድ አንድ ጊዜ። ይህ የሚስተካከለው አምስት ሳምንት ሙሉ ሲዞር ነው። እስከዚያ አንዱ ሲታመም፣ አንዱ ለበዓል አገር ቤት ሲሄድ ቆጠራው ስለሚፈርስ መቼም አይስተካከልም። ደግሞም ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር እንደ አንድ አንድ ተራ መቆጠራቸው ትክክል እንዳልሆነ አስረዳ፤ ሊቆጠር የሚገባው ሰዓት ነው አለ። አንድ ሳምንት እያንዳንዱ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ ጽፈን እንድናመጣለት ጠየቀ። እኛም ጻፍን።

4ኛ መልስ። ሐይቅ ከተማ ለረጅም ዓመታት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው። የዚህ ሁሉ ውይይት መሠረት እሳቸው የጻፉት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግራለሁ።

እሳቸው እንዳሉት እንጀራ አንድ ሥራ አይደለም፤ ሦስት ቀን የሚዘልቅ አንድ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል። ከዚያ ይቀመጣል፣ ውሃው ከላይ ይጠልላል። በመጨረሻው ቀን ያ ውሃ ይፈሳል፣ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ተማስሎ አብሲት ይሆናል፣ ለብ እስኪል በርዶ ይመለስበታል፣ ሊጡ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ኩፍ እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጋገራል። አብሲቱ በትኩሱ ከተመለሰ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዓይን የማያወጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ውሃው ሳይፈስ ከዋለ ደግሞ ይኮመጥጣል።

በእኛ ፕሮግራም አንዱ ሊያቦካ፣ ሌላው ውሃውን ሊያፈስ፣ ሦስተኛው ሊጋግር ተመድቧል። የጋገረው ሰው ሊጡ መቼ እንደተቦካ፣ ምን ያህል እርሾ እንደገባበት አያውቅም። ያቦካው ደግሞ የእጁን ውጤት አያይም፣ ስለዚህ ከሳምንት ሳምንት አይማርም። ስለዚህ ያቦካ ሰው ራሱ እንዲጋግር፣ በመሐል ማንም ቡሃቃውን እንዳይከፍት አዘዙ። አዘዙ ያልኩት በምክር ዓይነት ስላልነበረ ነው፤ እኔም እንደ እናት ትእዛዝ ነው የተቀበልኩት።

5ኛ መልስ። ከኮምቦልቻ የጻፈች ልጅ ሦስት ቀን ብዙ ነው፣ በሁለተኛው ቀን ይጋገራል ብላ ተቃወመች። እሷ በምትኖርበት ቦታ እውነቷን ነው።

6ኛ መልስ። የሐይቋ እናት ተመልሰው መጡ። ደሴ ከኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ የሚያድርባት ከተማ ስለሆነች ሊጡ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። በደሴ ሦስት ሌሊት ይደር፤ በክረምት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ቀኑን ከመቁጠር ይልቅ ላዩ ላይ የጠለለውን ውሃና ሽታውን ማየት እንደሚሻል፣ ደስ የሚል ቀለል ያለ የእርሾ ሽታ ካለው እንደደረሰ፣ አፍንጫ የሚወጋ ከሆነ እንዳለፈበት ነገሩን። መብራት ጠፍቶ መጋገሩ ለአንድ ቀን ከተላለፈ የጠለለውን አፍስሶ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ መተካት ሊጡን ያቆየዋል፤ ከዚያ በላይ ግን እንዳንጠብቅ አስጠነቀቁ።

7ኛ መልስ። አንድ ወጣት ይህ ሁሉ ስለ እንጀራ ነው፣ ጥያቄው ስለ ፍትሕ ነበር ብሎ በሹል አነጋገር ጻፈ። ከዕቃ አጣቢና ከወጥ ሠሪ ይልቅ ምጣድ ላይ የቆመ ሰው ለምን ይከበራል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከሒሳብ አስተማሪው መጣ።

8ኛ መልስ። የጻፍንለትን ሰዓት ደምሮ አመጣልን። እንጀራ አንዱ ዙር ማቡካቱ ግማሽ ሰዓት፣ ውሃ ማፍሰሱና አብሲቱ ሦስት ሩብ፣ ሠላሳ እንጀራ መጋገሩ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ዙር ስለሆነ ስድስት ሰዓት ተኩል። እራት በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት። ዕቃ ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት፣ ይህም ሰባት። ቁርስና ሻይ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቤትና ግቢ መጥረግ ሁለት ተኩል፣ ገበያ ሁለት ተኩል፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካንና በርሜል መሙላት ሁለት ሰዓት። ድምሩ ሠላሳ ሰዓት ሆነ። ለአምስት ሲካፈል ስድስት ስድስት ሰዓት።

እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም አልን። በቀድሞው ፕሮግራም ውሃ መቅዳትና እንጀራ እንደ እኩል ሲቆጠሩ፣ ገበያና ቁርስ ደግሞ ጭራሽ አልተቆጠሩም ነበር። ገበያውን የምሄደው እኔ ነኝ፣ ቁርስ የምታሰናዳው ትንሿ እህቴ ናት። ተጎዳሁ የሚሉት ሁለቱ ሰዎች እኛው ነን፣ እንዲያው ማልቀስ እንዳልነበረ ቁጥሩ አሳየ።

9ኛ መልስ። የመጀመሪያው ሰው ከወልድያ ተመልሶ ሲጀምር የሰጠው ምክር ትክክል እንደነበር አስታወሰ። ግማሹ ትክክል ነው። እንጀራ ለአንድ ሰው ለሙሉ ሳምንት መሰጠቱ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ሥራው ከቀን ቀን የተያያዘ ነው። ዕቃ ማጠብ ግን አይያያዝም፤ ማታ የታጠበው ዕቃ ጠዋት ከሚታጠበው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም፣ ስለዚህ ለሁለት ሰው ሊከፈል ይችላል። ይህን የጻፈው የሒሳብ አስተማሪው ነው፤ ሁለቱ ለጥቂት መልስ ተነካከሱ፣ እዚህ አልደግመውም።

10ኛ መልስ። ስለ ምግቡ የመጣ የመጀመሪያ ጠቃሚ መልስ ነው። ከባቲ የጻፈች፣ ቤቷ እንደኛ የተቀላቀለ እህት ናት። የእኛ ችግር ሥጋ እንደሆነ ወዲያው ገባት። ክርስቲያን ያረደውን የአክስቴ ልጆች አይበሉም፣ ሙስሊም ያረደውን እኛ አንበላም፤ ሁለት ድስት ሁለት ቢላ ከተያዘ የእራት አንድ ሰዓት ሁለት ይሆናል፣ ዕቃውም ይጨምራል። እሷ ቤት ሥጋ የበዓል ነው፤ ዓመት በዓሉ የማን ቢሆንም ያ ወገን ለብቻው ያበስላል፣ ሌላው ሳምንት ሙሉ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላል። ረቡዕና ዓርብ መላው ቤት የጾም ወጥ ይበላል፤ ለሙስሊሞቹ የሚከለክላቸው የለም። ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት የጋራ ናቸው። እሑድ ደግሞ የሐይቅ ዓሣ፣ ምክንያቱም ዓሣ አይታረድም።

11ኛ መልስ። አንድ ሰው በዓለ ሃምሳ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንደማይጾም አስታወሰ፤ ፕሮግራሙ ላይ የጾም ቀን ተብሎ በቋሚነት እንዳይጻፍ። ትክክል ነው። ሁዳዴና ረመዳን በ2017ም በ2018ም በጥቂት ቀናት ልዩነት ተከታትለው እንደገቡ፣ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይህ ሳምንታዊ ፕሮግራም እንዳለ ታጥፎ ሌላ መውጣት እንዳለበትም ጨመረ። ማፍጠሪያው እራቱን ወደ መግሪብ ይጎትተዋል፣ ለሱሁር ደግሞ ሌሊት የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል፣ ቁርስ የሚበላውም ይቀንሳል።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ ዓሣ የጾም ምግብ ነው አይደለም ወደሚለው ዞረ። ሰዎች ተቆጣጡ፣ የንስሐ አባታቸውን የጠቀሱም ነበሩ። እኔ እሑድ ስለሆነ የሚበላው ጉዳዩ እኛ ቤት እንደማይነሳ ጽፌ ወደ ጥያቄዬ መለስኳቸው።

12ኛ መልስ። የሐይቋ እናት ምግቡን ከእንጀራው ዕድሜ ጋር አገናኙት። ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ስድስት እንጀራ ይወጣል። አምስት ሰው በቀን አሥር ያህል ከበላ ሠላሳው ለሦስት ቀን ይበቃል፤ ለዚያ ስድስት ኪሎ ገደማ ይቦካል። ሦስተኛው ቀን ካለፈ እንጀራው ይደርቃል፣ በክረምት ደግሞ ነቁጥ ያወጣል፤ ነጭም አረንጓዴም ነቁጥ ያየንበትን ቆርሰን እንዳንበላ፣ ሙሉውን እንድንጥል አሳሰቡ። ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ ሁለት ዙር ለስድስት ቀን ይበቃል፣ አንዱ ቀን ይተርፋል። ያን ቀን ሊጥ ለማጣደፍ መሞከር እንደማይገባ፣ እንጀራ የሌለበት ቀን አድርገን በሩዝ ወይም በመኮሮኒ እንድናልፈው፣ የተረፈውን ድርቆሽ ለፍርፍር እንድናውለው ነገሩን። ሰባተኛውን ቀን እንዲህ ባዶ መተዉ የፕሮግራሙ ዋና ነገር ሆኖ አገኘሁት።

13ኛ መልስ። ለጊዜው ያረቀቅነውን ለጠፍኩ። ቅዳሜ ማታ ይቦካል፣ ማክሰኞ ከሰዓት ይጋገራል፤ ማክሰኞ ማታ እንደገና ይቦካል፣ ዓርብ ከሰዓት ይጋገራል። ከሰዓት የሆነው ማታ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ስለሚደክም ነው። ማክሰኞ ትኩስ እንጀራ በሽሮና ቅቤ፣ ረቡዕ ምስር በዘይት፣ ሐሙስ እንቁላል፣ ዓርብ እንደገና ትኩስ እንጀራ በጎመንና ድንች፣ ቅዳሜ አልጫ፣ እሑድ ዓሣ። ሰኞ እራት ሩዝ ነው፣ ማክሰኞ ቁርስ ፍርፍር፣ ማክሰኞ ምሳ ዳቦ። የሌላው ቀን ምሳ ከማታው የተረፈ ነው።

የአክስቴ ሴት ልጅ ለዚህ ሳምንት እንጀራውን ያዘች፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ስለሆነ ሌላ ምንም አትነካም። እኔ ገበያውንና የረቡዕ፣ የቅዳሜና የእሑድ እራት ይዤ አምስት ሰዓት ተኩል። ወንድሜ የቀሩትን አራት እራቶችና ውሃውን፣ ስድስት። ትንሿ እህቴ ቁርስና የጠዋት ዕቃ፣ ስድስት። የአክስቴ ወንድ ልጅ ከሥራ ሲመለስ የማታ ዕቃና መጥረጉን፣ ስድስት።

14ኛ መልስ። በጣም የተቆጣች እህት ሁለት ወንድ ባለበት ቤት እንጀራው አሁንም ለሴት ለምን ሄደ ብላ ጻፈች፤ ያውም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ። ይህን የጻፈችው ለሁላችንም ነው፣ እኔም ጭምር መልስ ልሰጥ ይገባኛል። እንጀራው በየሳምንቱ ይዞራል። ወንዶቹ ግን ገና መጋገር አያውቁም።

15ኛ መልስ። አንድ ሽማግሌ ወንድ ልጅ ምጣድ አጠገብ መቆሙ በእኛ አገር ወግ እንዳልነበረ፣ ዱቄት ከወፍጮ ቤት ቢሸከሙና ውሃ ቢቀዱ እንደሚበቃ ጻፉ። አክብሬ አነበብኩት፣ አልተስማማሁም። ሰዓቱ ሲቆጠር ወፍጮ ቤት ደርሶ መመለስ የእንጀራን ሩብ አያህልም።

16ኛ መልስ። ኮምቦልቻ ብቻውን የሚኖር ወንድ ለሽማግሌው መለሰላቸው፣ ቃሉን መርጦ ግን ሳይለሳለስ። ብቻውን መኖር ሲጀምር ራሱ መጋገር እንደተማረ፣ ከባዱ ማዞሩ ሳይሆን የምጣዱን ሙቀት ማወቅ እንደሆነ ነገረን። ምጣዱ ካልጋለ እንጀራው ይጣበቃል፣ ከበዛበት ሊጡ እንደፈሰሰ ደርቆ ዓይን አያወጣም። ጀማሪ ሰው ከዙሩ መጨረሻ ያሉትን አምስት እንጀራዎች ብቻ ይጋግር አለ፤ በዚያን ጊዜ ምጣዱ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ስህተቱ ያነሰ ነው። በየዙሩ አምስት እየጨመረ ይሄዳል። ወንድሜ ይህን አንብቦ ዓርብ ሊጀምር ተስማምቷል። የፋብሪካው ልጅ በሥራ ቀን ከሰዓት ቤት ስለማይገኝ የእሱ ሳምንት ሲደርስ የመጋገሪያው ቀን ወደ ቅዳሜና እሑድ ቢዞር የሦስቱ ሌሊት ቆጠራ ይፈርሳል፤ ለዚህ እስካሁን መላ ያመጣ የለም።

17ኛ መልስ። ሒሳብ አስተማሪው የቤት ኪራዩን አብዛኛውን የምከፍለው እኔ ከሆንኩ ሰዓቴ ከስድስት መቀነስ እንደሚችል አነሳ። የባቲዋ እህት ገንዘብ ወደ ሰዓት ከተቀየረ የማይከፍለው ተማሪ የቤቱ ሠራተኛ ይሆናል ብላ በጽኑ ተቃወመች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፣ የአክስቴ ወንድ ልጅ ግን እሱም ከደመወዙ ስለሚያዋጣ ከአስተማሪው ጋር ነው። ቅዳሜ ከማቡካቱ በፊት አምስታችን ቁጭ ብለን እንነጋገርበታለን።

18ኛ መልስ። የሐይቋ እናት ለቅዳሜ የሚሆን እርሾ አለን ወይ ብለው ጠየቁ። ከመጨረሻው ዙር ያስቀመጥነው በጣም ኮምጥጦ ነበርና እንድንጥለው፣ ከጎረቤት አዲስ እንድንዋስ፣ በመጀመሪያው ዙርም ከወትሮው ያነሰ እንድናስገባ መከሩ። ጎረቤታችንን ጠይቄአቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይሰጡናል።